አባ ጠልዝ ወደ በር! የሰፈር ግጥሚያ እንዴት ይተረካል



ከአንድ ሜዳ ልነሳ። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከበሬሳ ወንዝ ማዶ በጎች የሚግጡበት መስክ አለ። ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች እዚያ ይገናኛሉ። በአንደኛው ጫፍ በሩ ሁለት ድንጋይ ነው፤ በሌላኛው ጫፍ አንድ ድንጋይና አንድ የታጠፈ ሹራብ። የጎን መስመር የለም፤ በአንድ ወገን የቀጋ አጥር፣ በሌላው ወገን በጎቹ ናቸው መስመሩ። ዳኛው ፊሽካ ስለሌለው በጣቱ ያፏጫል። ኦፍሳይድ አይታወቅም፤ ሦስት ኮርና ግን አንድ ሪጎሬ ነው፤ ይህን ሕግ የሚጥስ ሰው እስካሁን አላየሁም። እኔ በባትሪ የሚሠራ የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዤ ከአጥሩ ሥር እቆማለሁ፤ ጨዋታውንም የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንደሆነ አድርጌ እተርካለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ይህ ትረካ እንዴት እንደሚሠራ ነው።

ኳስ መተረክን የተማርነው ከሬዲዮ ነው። በ1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ ስታዲየም ያልገባው ሕዝብ ጨዋታውን ያየው በተራኪው በደምሴ ዳምጤ ድምፅ ነበር። የሬዲዮ ተራኪ ለአድማጩ ዓይን ነው። ኳሷ በቀኝ ናት ወይስ በግራ፣ ማን ያዛት፣ ስንት ደቂቃ ቀረ፣ ይህን ሁሉ ካልነገረ አድማጩ ጨለማ ውስጥ ነው። የእኔ ተመልካች ግን ሜዳው ዳር ቆሟል። እናት ልጇ ሲወድቅ በዓይኗ አይታዋለች፤ እኔ «ወደቀ» ብላት ምንም አልጨመርኩላትም። ታዲያ ለሚያይ ሰው ምን ይነገረዋል? ያየው ነገር ትልቅ እንደነበረ ይነገረዋል። የሰፈር ትረካ ሥራው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ማጋነንና ውሸት ይለያያሉ። ኳሷ በሩን ሳትነካ «ጎል!» ብዬ ብጮህ ሕዝቡ ያፍርብኛል እንጂ አይስቅም። ኳሷ ድንጋዩን ነክታ ሦስት ጊዜ ነጥራ በጓ እግር ሥር ስትቆም ግን፣ ድንጋዩን፣ ሦስቱን ንጥረትና በጓን ለይቼ ካየሁ በኋላ የፈለግሁትን ያህል ከፍ ማድረግ እችላለሁ። መጀመሪያ ትንሿን ነገር በትክክል ማየት፣ ከዚያ ማንሳት ነው። ሥሩ እውነት ከሆነ ቅርንጫፉ ሰማይ ቢደርስም ማንም አይቃወምም።

ለማንሳት ደግሞ ሩቅ አገር አልሄድም፤ የሸዋ ሰው ራሱ ያወረሰን መንገድ አለ። የፈረስ ስም ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና ይባሉ ነበር። ከዚህ ብዙም በማይርቀው አንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ። ስሞቹን ልብ ብላችሁ ስሙ። «ዳኘው» እና «ቃኘው» የተፈጸመ ሥራ ናቸው። የዐፄ ቴዎድሮስ «ታጠቅ» እና የዐፄ ዮሐንስ «በዝብዝ» ደግሞ ትእዛዝ ናቸው። አንዳቸውም ስለ ባለስሙ ቁመት፣ ስለ መልኩ ወይም ስለ ሀብቱ አይናገሩም። ከግስ የሚወጣ ስም ሰውየውን በሥራው ይጠራዋል።

እኔም ለሜዳው ልጆች ስም የማወጣው በዚሁ ሥርዓት ነው። ኳስ ሲደርሰው ሳያቆም የሚመታው የላይ ሰፈር አጥቂ አባ ጠልዝ ነው። ጋቢውን ሳያወልቅ በር የሚጠብቀው የታች ሰፈር በረኛ አባ ሸፍን ነው። ከሁሉ ቀድሞ ኳስ ጋ የሚደርሰው ቀጭኑ ልጅ አባ ቅደም ነው። ሦስት ተከላካይ በአንድ አብዶ የምታልፍ ልጅ አለች፤ እሷ አባ ሸውድ ናት። አንድ አዛውንት «ሴት ልጅ እንዴት አባ ትባላለች?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ስሙ የፈረሱ ነው፣ ፈረሱንም የሚጋልበው ይጠራበታል ብዬ መለስኩላቸው፤ እሳቸውም ትንሽ አሰብ አድርገው «እንግዲያው ፈረሷ ፈጣን ነው» አሉኝ። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

አንድ ነገር ልብ አድርጉ። ስሙ የሚወጣው ልጁ በዚያ ቀን ካደረገው ነገር ነው፤ ከቤት ተዘጋጅቶ የመጣ ስም አይጣበቅም። ስም ስላልወጣላቸው ልጆች በመጀመሪያዎቹ ዐሥር ደቂቃዎች ብዙም አልናገርም፤ አያለሁ። ማን ምን ደጋግሞ እንደሚያደርግ ካየሁ በኋላ ነው ስሙን የምጠራው። ልጁ ስሙን በሰማ ቅጽበት አንገቱን ቀና ካደረገ ተቀብሎታል። ሰምቶ እንዳልሰማ ከሆነ በሚቀጥለው ኳስ ሌላ ስም እሞክራለሁ።

አሁን ትረካውን ስሙት። ከአንድ ቅዳሜ ማስታወሻዬ ላይ አስተካክዬ የጻፍኩት ነው።

«ክቡራትና ክቡራን፣ ከበሬሳ ማዶ ከሚገኘው ታላቁ የሣር ስታዲየም እንደምን ዋላችሁ! የስታዲየሙ ሣር ዛሬ ጠዋት በዐሥራ አራት በጎች ተስተካክሎ ታጭዷል። ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል፤ ነፋሱ ከታች ሰፈር ወገን ተሰልፏል፤ ማሊያ ግን አልለበሰም። ዳኛው ሁለት ጣቱን ወደ አፉ ሰደደ፤ አፏጨ! ተጀመረ!

«ኳሷን አባ ቅደም ይዟታል። አባ ቅደም! ሮጠ፣ ሮጠ፣ አሁንም ይሮጣል! ኳሷ ከኋላው ቀረች፤ እሱ ግን ሩጫውን አላቆመም! አባ ቅደም ኳሷንም ቀደማት! ተመለሰ። ይቅርታ ጠየቃት። ይዟት ሄደ።

«ለአባ ሸውድ ሰጠ። አባ ሸውድ ኳሷን ጫማዋ ሥር አስተኛቻት። ተከላካዩ መጣ፤ ወደ ግራ ላከችው። ሁለተኛው መጣ፤ ወደ ቀኝ ላከችው። ሦስተኛው ራሱ መርጦ ሄደ! መንገዱ ተከፈተ፤ በሩ ታየ፤ ከፊት ለፊቷ ማን ቆሟል? አባ ሸፍን! ጋቢውን እንደ ንስር ክንፍ ዘረጋው! መታች! ኳሷ ጋቢው ውስጥ ገባች፤ አልወጣችም! ተመልካቾች፣ ኳሷ የት ናት? በረኛው ራሱን እየፈተሸ ነው! ቀኙን አየ፤ የለችም። ግራውን አየ፤ የለችም። ከብብቱ ሥር ተገኘች! ሕያው ናት! ትሞቃለች! ከዚህ ሜዳ ላይ ያልበረዳት እሷ ብቻ ናት!

«አባ ሸፍን በረጅሙ ጠለዛት። ሰማይ ገባች። ነፋሱ ተቀበላት። ወዴት ይዟት ሊሄድ ነው? ወደ ቀጋው! ወደ ቀጋው አይሆንም! ተው! አባ ጠልዝ ዘለለ፣ በቴስታ ሊያድናት፣ በጣት ያህል ስታው አለፈች፤ ቀጋው ላይ አረፈች። ድምፁን ሰማችሁ? ጨዋታው ቆሟል። ሁለቱም ቡድን ባርኔጣውን አውልቋል። በዚህ ሜዳ ለሁለት ሳምንት በታማኝነት ያገለገለችው ቀይዋ ላስቲክ ኳስ፣ ሰባት ጎል ቆጥራ፣ በስድስት ሰዓት ፀሐይም በዐሥር ሰዓት ብርድም ሳታማርር ኖራ፣ ዛሬ በክብር ዐርፋለች።

«አሁን ከታች ሰፈር ወገን አንድ ታዳጊ እየሮጠ ይመጣል። እጁ ላይ ምን ይዟል? የካልሲ ኳስ! ሁለት ካልሲ፣ ውስጡ ጨርቅ፣ ላዩ በሲባጎ የታሰረ! የካልሲው አንዱ ጥቁር ነው፤ ሌላው ግራጫ ነው፤ ሁለቱም ሰፈር ተወክሏል! ዳኛው በጣቱ ጫን አድርጎ መረመራት። ተቀበላት። ነፋሱ መጣ፤ ገፋት፤ አልተነቃነቀችም። ነፋሱ ከሜዳ ወጥቷል! በቀይ ካርድ ወጥቷል! ግጥሚያው ቀጠለ!»

እዚህ ላይ ላቁም።

ይህን ትረካ ስትሰሙ ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭር መሆናቸውን አስተውላችኋል። ምክንያቱ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ኳስ እዚህ ራቅ ብላ ትሄዳለች፣ ትንፋሽ ግን ያጥራል። በዚህ ሜዳ ረጅም ዓረፍተ ነገር ጮኾ መጨረስ አይቻልም። በአንድ ትንፋሽ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወይም ከሰባት ቃል አልበልጥም። ስሙን ደግሞ በወሳኙ ቅጽበት በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ወይም ለብቻው አደርገዋለሁ፤ «ማን ቆሟል? አባ ሸፍን!» እንደሚለው፣ ሕዝቡ አብሮ እንዲጮኸው ነው። ሕዝቡ ስሙን ሲጮኽ እኔ ትንፋሽ እወስዳለሁ።

ሁለተኛው ነገር የቃል ምርጫ ነው። ሜዳ ውስጥ ልጆቹ የሚናገሩት ሌላ ቋንቋ ነው፤ ቴስታ፣ ሪጎሬ፣ ታኬታ፣ እነዚህ ከጣልያንኛ ወርሰናቸው የሰፈር ቃል ሆነዋል። ሬዲዮው ደግሞ «ፍጹም ቅጣት ምት» ይላል፣ «የግብ ክልል» ይላል፣ «በጭንቅላቱ ገጭቶ» ይላል። እኔ ሁለቱን ሆን ብዬ እቀላቅላለሁ። ዳኛው ሦስተኛውን ኮርና ቆጥሮ ወደ ድንጋዩና ወደ ሹራቡ መሀል ሲያመለክት፣ «የመሀል ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥተዋል» ብዬ በዜና ድምፅ ዝግ አድርጌ እናገራለሁ። ትልቁ ቃል ትንሿ ሹራብ ላይ ሲያርፍ ሳቁ ራሱ ይመጣል። እኔ ግን አልስቅም። ተራኪው ቀድሞ ከሳቀ ሹራቡ ሹራብ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህ ትረካ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ እኔም ጎድቼ አውቃለሁ።

አንድ ቀን አንድ ተከላካይ ኳሷን በሙሉ ኃይሉ ሊመታ ሲል ስቷት ጫማው ከእግሩ ወጥቶ በረረ። እኔ ወዲያው «ጫማውም እንኳ ሰልችቶት ጥሎት ሄደ» አልኩ። ሕዝቡ ሳቀ። ልጁ ሄዶ ጫማውን አነሳ፤ ሲያነሳው ሶሉ ተገንጥሎ እንደነበር ሁሉም አየ። ልጁ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ከሜዳ ወጣ፤ ከአጥሩ ማዶ ተቀመጠ፤ ያን ቀን አልተመለሰም።

ለብዙ ቀን አሰብኩበት። ክፋት አልነበረኝም፤ ግን ዓረፍተ ነገሩን በደንብ ብትመረምሩት ስለ ልጁ ሥራ ምንም አይልም፤ የሚናገረው ስለ ጎደለው ነገር ነው። ልጁ ሌላ ጫማ ከየት ያመጣል? ሊለውጠው በማይችለው ነገር ነው የሳቅንበት። ያንኑ ሁኔታ ዛሬ ብተርከው እንዲህ እላለሁ፦ «መታ! በአንድ እግር ሁለት ምት! ኳሷን ለማስፈራራት ጫማውን ላከ! ጫማው የላይ ሰፈርን ተከላካይ መስመር ሰንጥቆ አለፈ! የላይ ሰፈር በረኛ ጫማውን ለመያዝ ወደቀ! ያዘው! ኳሷ ግን የት ናት? ከኋላው!» የሆነው ነገር ያው ነው፤ ጫማው በሯል፣ ኳሷ ተስታለች። በዚህኛው ግን ልጁ ጥቃት ፈጻሚ ነው፣ ጫማው መሣሪያው ነው፣ የሚሳቅበት ደግሞ ጫማ ሊይዝ የወደቀው በረኛ ነው፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

መሳሳታችሁን የምታውቁበትን ምልክት ልንገራችሁ። ጥሩ ሳቅ ሲሆን ሕዝቡ ልጁን እያየ ይስቃል፤ ልጁም እጁን ያነሳል ወይም ይበልጥ ይሮጣል። መጥፎ ሳቅ ሲሆን የሳቁት ሰዎች ዓይናቸውን ከልጁ ላይ አንስተው እርስ በርሳቸው ይተያያሉ፤ ልጁ ደግሞ መሬት መሬት ያያል። ያን ካያችሁ ቀልዱን አታብራሩ፣ ይቅርታም በድምፅ ማጉያ አትጠይቁ፤ የባሰ ታጋልጡታላችሁ። በሚቀጥለው ኳስ ልጁ የሚያደርገውን ማንኛውንም መልካም ነገር ጠብቃችሁ በሙሉ ድምፃችሁ ስሙን አንሱት። ይቅርታውን ጨዋታው ሲያልቅ ለብቻው ንገሩት።

አንኮበር ላይ ደግሞ ሥራው ሌላ ነው። አንኮበር ከደብረ ብርሃን ወደ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እዚያ ለጥ ያለ መስክ ማግኘት ከባድ ነው። ምድሩ ወደ ቆላው ያዘነብላል። ኳስ ከሜዳ ከወጣች ወደ ታች ናት፤ የመታት ልጅ ወርዶ እስኪያመጣት ጨዋታው ቆሞ ይጠብቃል። ተራኪው ያን ባዶ ጊዜ ዝም ካለ ሕዝቡ ብርዱን ያስታውሰዋል። ስለዚህ ከኳሷ ጋር አብሬ እወርዳለሁ፦

«ኳሷ አንኮበርን ለቅቃለች! የቤተ መንግሥቱን ኮረብታ ወደ ኋላ ትታዋለች። ጭላዶቹ ሣራቸውን ትተው ተነሡ፤ መንገድ ሰጧት። ወዴት ነው? ወደ አልዩ አምባ ነው! ነጋዴ ጨው ጭኖ በወጣበት መንገድ ኳሷ ብቻዋን ትወርዳለች! ቀረጥ ሳትከፍል! ልጁ እየተከተላት ነው። ቆላ እየደረሱ ነው፤ ሹራቡን አወለቀ! ያዛት! አሁን ዳገቱን ይወጣል። ተመልካቾች፣ ዳገቱን ሲጨርስ ጎል ቢያገባም ባያገባም ጭብጨባ ይገባዋል።»

በዚህ ትረካ ውስጥ አልዩ አምባ እውነተኛ ናት፤ በአንኮበር ነገሥታት ዘመን ከቆላና ከጠረፍ የሚመጣው ሸቀጥ የሚሸጥባት የታወቀች ገበያ ነበረች። የጨውም መንገድ እውነት ነው። ኳሷ እዚያ አልደረሰችም፤ ከሃምሳ ሜትር በታች ቁጥቋጦ ይዟታል። ግን ልጁ ኳሷን ይዞ ሲወጣ ከአልዩ አምባ እንደተመለሰ ነጋዴ ነው የሚጨበጨብለት፤ ድካሙም የዚያን ያህል ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ የፈረንጅ ኳስ ነው፣ ፉከራና የፈረስ ስም ምን ያገናኘዋል?» ይለኛል። ለእሱ የገናን ጨዋታ አስታውሰዋለሁ። ታኅሣሥ 29 ቀን የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ተብለው ተከፍለው፣ ቆልማማ ዱላ ይዘው፣ ሩሯን ሲያሳድዱ የኖሩት የእኛ አያቶች ናቸው። የተጫዋች ቁጥር ገደብ አልነበረውም። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ሲሰድብ ያመሻል፤ በዚያን ቀን ጌታም ቢሆን ተሰደብኩ ብሎ አይቆጣም። የተሰደበው ሰው በማግስቱ ከሰዳቢው ጋር እርሻ ይውላል። እንግዲህ በሜዳ ላይ ጎረቤትን እየወደዱ መንካት እዚህ አገር ከላስቲክ ኳስ በፊት የነበረ ነገር ነው። እኔ የጨመርኩት የባትሪ ድምፅ ማጉያ ብቻ ነው።

የሚቀጥለው ግጥሚያ የፊታችን ቅዳሜ በዐሥር ሰዓት ነው፤ ሜዳውን ታውቁታላችሁ። ኳሷ የካልሲ ናት፤ አዲስ ላስቲክ ኳስ የሚያመጣ ሰው ካለ ግን ቀጋውን አስቀድሞ ይመልከት። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በየቤታችሁ የአያት፣ የቅድመ አያት የፈረስ ስም የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ። ስሙንና ስሙ የወጣበትን ሥራ ጠይቃችሁ፣ በወረቀት ጽፋችሁ አምጡልኝ። ለስድስት ልጆች ገና ስም አላገኘሁላቸውም።